ሰርተፊኬቱ 3.5 ሚሊዮን ይላል፣ ባንኩ ለምን 2.2 ሚሊዮን ብቻ ለቀቀ?

በባንክ ብድር ቤት የሚያሠራ ሰው ካወቃችሁ ይቺን እሮሮ ሳትሰሟት አትቀሩም። «ኮንትራክተሩ አዘጋጀው፣ ኮንሰልታንቱ ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ፣ ብድሩም ተፈቅዶልኛል፣ እና ባንኩ ምን አግብቶት ነው የሚቆርጠው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ባንኩ የሚያየውን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ አያስረዳም፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚመጣው። እኔ ሥራዬ እነዚህን የክፍያ ጥያቄዎች መመርመር ነው፣ ሳይት እየሄድኩ እለካለሁ፣ ስለዚህ ባንክ ቤት ውስጥ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚደረግ ከነስሌቱ ላሳያችሁ።

ሦስቱ ወረቀቶች ምንድናቸው?

የግንባታ ብድር በአንድ ጊዜ አይሰጥም፣ በፌዝ በፌዝ ነው የሚለቀቀው። ቀጣዩን ፌዝ ለማግኘት ሦስት ወረቀት ይቀርባል።

አንደኛው የክፍያ ጥያቄው ደብዳቤ ነው፣ «ይሄን ያህል ብር ይለቀቅልኝ» የሚል፣ ተበዳሪው የሚፈርመው።

ሁለተኛው ሰርተፊኬቱ ነው። ኮንትራክተሩ እስከ ዛሬ የሠራውን ለክቶ ያዘጋጃል፣ ሥራውን የሚቆጣጠረው ኮንሰልታንት አይቶ ያጸድቃል። ከኋላው ቴክኦፍ ሺት መያያዝ አለበት፣ ማለትም ልኬቱ ራሱ፣ ርዝመት በወርድ በከፍታ ተባዝቶ የተጻፈበት። ቴክኦፍ የሌለው ሰርተፊኬት ዝርዝር የሌለው ደረሰኝ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ሦስተኛው ቢኦኪው ነው፣ ውል ሲፈረም አብሮ የተፈረመው የሥራ ዝርዝር፣ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሜትር ኩብ ወይም ካሬ ወይም ኪሎ እንደሆነ እና የአንዱ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚናገር። ብድሩ ሲፈቀድ ባንኩ የተማመነው በዚህ ወረቀት ነው፣ ስለዚህ ሌሎቹ ሁለቱ የሚመዘኑት በእሱ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ

ይሄ ምሳሌ የአንድ የተወሰነ ሰው ቤት አይደለም፣ በሥራዬ ደጋግመው ከሚገጥሙኝ ነገሮች አሰባስቤ፣ ቁጥሩም ለስሌት እንዲመች አድርጌ የሠራሁት ነው፣ ዋጋዎቹንም እንደ ገበያ ዋጋ አትውሰዷቸው። አዳማ ላይ ጂ+2 ቤት ይሠራል እንበል። ውሉ 20 ሚሊዮን ብር ነው፣ ቫቱን ባለቤቱ ለብቻው ስለሚከፍል እዚህ ውስጥ አላስገባሁትም። ባለቤቱ 6 ሚሊዮን ከኪሱ መጀመሪያ ያወጣል፣ ባንኩ 14 ሚሊዮን በፌዝ ይለቃል።

ኮንትራክተሩ ሲጀምር 2 ሚሊዮን አድቫንስ ወስዷል፣ የውሉ 10% ማለት ነው፣ እሱም ከእያንዳንዱ ሰርተፊኬት 10% እየተቆረጠ ይመለሳል። በተጨማሪ 5% ሪቴንሽን ይያዛል፣ ሥራው ላይ ጉድለት ቢገኝ ማስጠገኛ ተብሎ የሚቆይ ገንዘብ ነው። በአጭሩ ከተሠራ 100 ብር ላይ ኮንትራክተሩ እጅ የሚገባው 85 ብር ነው።

እስከ 3ኛው ሰርተፊኬት ድረስ የተሠራው 8 ሚሊዮን ነበር። የተከፈለው ደግሞ የ8 ሚሊዮን 85%፣ ማለትም 6.8 ሚሊዮን፣ ሲደመር አድቫንሱ 2 ሚሊዮን፣ ባጠቃላይ 8.8 ሚሊዮን። ከዚህ ውስጥ 6ቱ የባለቤቱ ነው፣ 2.8ቱ የባንኩ። አሁን 4ኛው ሰርተፊኬት መጣ፣ እስከ ዛሬ የተሠራው 11.5 ሚሊዮን ነው ይላል፣ ደብዳቤው 3.5 ሚሊዮን ይለቀቅልኝ ይላል።

ከቢሮ ሳይወጣ መጀመሪያ ምን ይታያል?

ሰርተፊኬት እንደ መብራት ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ላይ ያለው ቁጥር የዚህ ወር ብቻ አይደለም፣ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ያለው ድምር ነው፣ የዚህን ወር ለማወቅ ያለፈውን ንባብ ትቀንሳላችሁ። ሰርተፊኬቱም እንደዛው ሦስት ዓምድ አለው፣ ያለፈው፣ የአሁኑ፣ እስከ ዛሬ ያለው ድምር። እና የመጀመሪያው ሥራ በጣም ቀላል ነው፣ 4ኛው ሰርተፊኬት ላይ «ያለፈው» የሚለው ዓምድ 3ኛው ሰርተፊኬት ላይ «ድምር» ከሚለው ጋር በየመስመሩ አንድ መሆን አለበት። ጠቅላላው ብቻ ሳይሆን በየመስመሩ። አንዳንዴ ጠቅላላው 8 ሚሊዮን ሆኖ ይገጥማል፣ ውስጡ ግን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ተዛውሮ ይገኛል፣ ይሄ ሲሆን ባለፈው የተከፈለ ሥራ አሁን እንደ አዲስ ሊመጣ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ቀጥሎ የነጠላ ዋጋው ይታያል። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የአንድ ሜትር ኩብ ዋጋ ቢኦኪው ላይ ካለው ጋር እስከ ሳንቲሙ እኩል መሆን አለበት፣ ገበያው ጨመረ ተብሎ ሰርተፊኬት ላይ ዋጋ አይቀየርም፣ ዋጋ የሚቀየርበት የራሱ ሂደት አለው። በእኛ ምሳሌ ዋጋዎቹ ሁሉ ልክ ናቸው።

ሦስተኛው ደብዳቤው ራሱ ነው። 11.5 ሲቀነስ 8፣ 3.5 ሚሊዮን፣ ልክ ነው፣ ግን ይሄ ሳይቆረጥለት ያለ ነው። የአድቫንሱ 10% እና የሪቴንሽኑ 5% አልወጣም። ሰርተፊኬቱ እንዳለ ትክክል ቢሆን እንኳን የሚከፈለው የ3.5 ሚሊዮን 85%፣ 2,975,000 ብር ነበር። ማንም ሳያጭበረብር፣ ሳይት ሳይኬድ፣ ወረቀቱ ላይ ብቻ ከ500 ሺህ ብር በላይ ወረደ። ይሄ ስህተት በብዛት የሚመጣው ባለቤቱ ደብዳቤውን ሲጽፍ የሰርተፊኬቱን የመጨረሻ ገጽ ሳይሆን የመጀመሪያውን ድምር አይቶ ስለሚገለብጥ ነው።

አራተኛ፣ ከቢኦኪው በላይ የሄደ ብዛት ይፈለጋል። እዚህ ጋ አንድ መስመር ዓይን ይስባል። የሶሌታ ኮንክሪት ቢኦኪው ላይ 45 ሜትር ኩብ ነው፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ግን እስከ ዛሬ 54 ሜትር ኩብ ተሞልቷል ይላል። ብዛት ከቢኦኪው መብለጡ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ሲለካ የተሳሳተ ቢኦኪው ብዙ አለ፣ ግን ለምን እንደበለጠ መታወቅ አለበት። ቴክኦፉ ሲከፈት አንድ ፎቅ 150 ካሬ፣ ሁለት ፎቅ፣ ውፍረት 0.18 ይላል። 150 ሲባዛ በ0.18 ሲባዛ በ2፣ 54 ይመጣል። ድሮዊንጉ ላይ ግን ውፍረቱ 15 ሴንቲ ነው፣ በሱ ሲሰላ 45። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ ሶሌታው 15 ነው ወይስ 18? ይሄ ቢሮ ተቀምጦ አይመለስም።

ሳይት ላይስ ምንድነው የሚደረገው?

ብዙ ሰው የባንክ ኢንጂነር ሳይት ሄዶ ዞር ዞር ብሎ ፎቶ አንስቶ የሚመለስ ይመስለዋል። እውነት ለመናገር እንደዛ የሚያደርግም አለ። ግን ቢሮ ውስጥ የተነሱትን ጥያቄዎች ይዞ የሄደ ሰው ሦስት አራት ቦታ ብቻ ለክቶ ነገሩን ይጨርሰዋል።

የሶሌታን ውፍረት ለማወቅ መብሳት አያስፈልግም። የደረጃው ክፍት ቦታ ላይ የሶሌታው ጠርዝ ራቁቱን ይታያል፣ የሽንት ቤት ቧንቧ ማለፊያ ቀዳዳም ላይ እንደዛው። ሜትር አውጥቶ ከላይ እስከ ታች መያዝ ነው። ሊሾ ወይም ሴራሚክ ሳይለብስ ነው ታዲያ መለካት ያለበት፣ ከለበሰ በኋላ 15ቱ 20 መስሎ ይታያል። በምሳሌያችን ደረጃው ጋ 15፣ ሽንት ቤቱ ጋ 15 ተኩል ሆነ። ስለዚህ 45 ሜትር ኩብ ነው የሚከፈለው፣ ትርፍ የተጻፈው 9 ሜትር ኩብ በ14,000 ብር ሲባዛ 126,000 ብር ይወርዳል።

ቀጥሎ ላይኛው ፎቅ ይወጣል። ሰርተፊኬቱ የአርማታ ሥራው 95% አልቋል ይላል፣ የላይኛው ፎቅ ኮለኖችም ተሞልተዋል ብሎ 374,000 ብር ይዟል። ሲወጣ ግን ሶሌታው ገና ስምንት ቀኑ ነው፣ ከስሩ የባህር ዛፉ ድጋፍ እንደቆመ ነው፣ ከላይ ያለው ፌሮ ብቻ ነው፣ ታስሮ ቆሟል፣ ፎርምወርኩ እንኳን ሙሉ በሙሉ አልተገጠመም። ኮንትራክተሩ ሲጠየቅ «ወረቀቱ እስኪያልፍ ኮለኑም ይሞላል ብለን ነው» ይላል። ይሄን መልስ በጣም ብዙ ጊዜ ነው የምሰማው፣ እና ሰውየው እየዋሸ አይደለም፣ እውነትም በሳምንት ውስጥ ሊሞላው ይችላል። ግን ሰርተፊኬት በተለካበት ቀን የቆመን ሥራ ነው የሚመሰክረው፣ ነገ የሚሠራውን ከከፈላችሁት ሌላ አድቫንስ ሰጣችሁ ማለት ነው፣ ያውም ዋስትና የሌለው። 374,000 ብሩም ለሚቀጥለው ሰርተፊኬት ይተላለፋል፣ አይጠፋበትም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፣ የሳይት ላይ ዕቃ። ውሉ ከፈቀደ ገና ያልተሠራበት ግን ሳይት የገባ ዕቃ ይያዛል፣ ብዙ ጊዜ በሙሉ ዋጋው አይደለም። በ3ኛው ሰርተፊኬት ላይ 400,000 ብር የሚያወጣ ባለ 12 ፌሮ ሳይት ላይ አለ ተብሎ ተከፍሎ ነበር። አሁን 4ኛው ላይ የሳይት ዕቃ 890,000 ይላል፣ ማለትም የድሮው 400,000 እንዳለ ቆይቶ አዲስ የገባ 490,000 ተደምሮበት።

እስቲ እንቁጠረው። የፌሮ ክብደት ቀላል ስሌት አለው፣ ውፍረቱን በሚሊሜትር በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል፣ የአንድ ሜትር ኪሎ ይመጣል። 12 በ12፣ 144፣ ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ገደማ። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ ወደ 10.7 ኪሎ ይመዝናል። በ160 ብር ሂሳብ 400,000 ብር ማለት 2,500 ኪሎ ነው፣ ወደ 234 ቤርጋ። 234 ቤርጋ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም፣ ጥሩ ክምር ነው። ሳይቱ ላይ ያለው ግን አሥር የማይሞላ ቤርጋና ቁርጥራጭ ነው። ታዲያ ተሰርቋል? አልተሰረቀም፣ ሁለተኛው ሶሌታ ውስጥ ገብቷል። ሶሌታው ውስጥ የገባው ፌሮ ደግሞ በራሱ መስመር በኪሎ ተለክቶ በዚሁ በ4ኛው ሰርተፊኬት ተጠይቋል። ስለዚህ ያው ፌሮ ክምር ሆኖ አንዴ፣ ሶሌታ ሆኖ ሌላ ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። 400,000 ይወርዳል።

የሳይት ዕቃ መስመር ከሌሎቹ መስመሮች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ አንዴ ከተገነባ ድምሩ አይቀንስም፣ ዕቃ ግን በየጊዜው እያለቀ ወደ ሥራ ይቀየራል፣ ስለዚህ ዛሬ መሬት ላይ ያለው ብቻ ነው የሚጻፈው፣ ያለፈው ወር ክምር መሰረዝ አለበት። አዲሱ 490,000 ግን በዓይን ታይቷል፣ ብሎኬቱም ሲሚንቶውም አለ፣ የግዢ ደረሰኙም ተያይዟል፣ ያልፋል።

ብሎኬቱም ተለክቷል፣ የምድር ቤቱ ግድግዳ 400 ካሬ ተብሏል፣ በርና መስኮቱ ተቀንሶለት ነው ወይ ተብሎ ተጣርቶ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረው የኤሌክትሪክ ቧንቧ በዓይን ስለማይታይ ከሙሌት በፊት የተነሱት ፎቶዎችና ከሶሌታው ስር የሚታዩት ሳጥኖች ተያይተው አልፏል። እና የኮንክሪቱ የኪዩብ ውጤት፣ ማለትም ከሙሌቱ የተወሰደው ናሙና ተጨፍልቆ የሚገኘው ጥንካሬ፣ ሲ-25 የተባለ ኮንክሪት 25 ሜጋፓስካል መድረሱ የሚረጋገጠው በ28 ቀኑ ስለሆነ ለስምንት ቀኑ ሶሌታ ለጊዜው የ7 ቀኑ ውጤት ብቻ ነው የቀረበው፣ የ28ቱ ለሚቀጥለው ፌዝ ግዴታ ሆኖ ተጽፏል።

ታዲያ ስንት ይለቀቃል?

11,500,000 ላይ 400,000 የፌሮው፣ 126,000 የሶሌታው፣ 374,000 የኮለኑ ሲቀነስ 10,600,000 ይቀራል። ያለፈው 8,000,000 ሲቀነስ 2,600,000። ከዚህ 15% ተቆርጦ 2,210,000 ብር። ከደብዳቤው ጋር ሲተያይ 1,290,000 ብር ልዩነት አለው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ባንኩ ሰርተፊኬቱን ራሱ ሰርዞ ደልዞ አያስተካክልም፣ ሰርተፊኬቱ የባለቤቱና የኮንትራክተሩ ሰነድ ነው፣ ባንኩ በዚያ ውል ውስጥ የለበትም። የሚያደርገው ያገኘውን በየመስመሩ ጽፎ ለኮንሰልታንቱ እንዲታረም መመለስ፣ ወይም ክርክር የሌለበትን መጠን ለቆ ቀሪውን ማቆየት ነው። ከሁሉም የሚያናድደው ምክንያት ሳይጻፍ ዝም ብሎ «ተቀንሷል» ተብሎ ሲላክ ነው፣ እሱ ከሆነ የደረሰባችሁ በየመስመሩ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።

1.29 ሚሊዮኑ ቢለቀቅ ማን ይጎዳል? ለማንኛውም ብድሩ የኔ አይደል?

ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው። ሰርተፊኬቱ የሚናገረው ወደኋላ ነው፣ ምን ያህል መንገድ እንደተሄደ። ባንኩ ግን ከዚያ በላይ ማወቅ የሚፈልገው የቀረው ነዳጅ የቀረውን መንገድ ያደርሳል ወይ የሚለውን ነው። ሳያደርስ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ለባለመኪናውም ለአበዳሪውም አይሆንም፣ ጣሪያ የሌለው ቤትም እንደዛው፣ አይከራይም፣ ቢሸጥም የወጣበትን አይመልስም፣ ወለዱ ግን በተለቀቀው ብር ላይ መቁጠሩን አያቆምም።

ስሌቱ አንድ መቀነስ ነው። 2,210,000 ከተለቀቀ ከብድሩ የሚቀረው 8,990,000 ነው። ለኮንትራክተሩ ሥራው እስኪያልቅ የሚቀረው ክፍያ ደግሞ 20 ሚሊዮን ሲቀነስ እስካሁን የተከፈለው 11,010,000፣ እሱም 8,990,000። ሁለቱ ገጠሙ። ደብዳቤው እንደጠየቀው 3.5 ሚሊዮን ተለቆ ቢሆን ኖሮ ግን በብድሩ ላይ የሚቀረው 7.7 ሚሊዮን ይሆንና ቆሞ ለሚታየው ሥራ ከሚገባው 1.29 ሚሊዮን ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው። ኮንትራክተሩ ያንን በሥራ እስኪያካክስ ድረስ በእጁ ነው፣ ካላካካሰና ከሄደ ባለቤቱ ለሌላ ኮንትራክተር ድጋሚ ይከፍላል። በዚህ ቤት ቢኦኪው ላይ በርና መስኮቱ ሁሉ 1.7 ሚሊዮን ነው፣ የጎደለው የእሱ ሦስት አራተኛ ያህል ነው።

ቢኦኪው ራሱስ የተሳሳተ ከሆነ?

እስካሁን ቢኦኪውን እንደ ትክክለኛ ሚዛን ነው የወሰድነው። ሚዛኑ ራሱ ሊያዘነብል ይችላል፣ ሁለት ምክንያት አለው።

አንዱ ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው። ኮንትራክተሩ ሲጫረት ጠቅላላውን ሳይነካ መጀመሪያ የሚሠሩትን ሥራዎች ዋጋ ከፍ፣ መጨረሻ የሚሠሩትን ዝቅ ያደርጋል። ቁፋሮና ፋውንዴሽን ውድ፣ ልስንና ቀለም ርካሽ። እሱ በኩል ምክንያቱ ይገባኛል፣ መንቀሳቀሻ ገንዘብ የለውም፣ ባንክም በቀላሉ አያበድረውም፣ ስለዚህ ቶሎ ገንዘብ እጁ እንዲገባ ነው። ውጤቱ ግን ሰርተፊኬቱ በየመስመሩ ልክ ሆኖ፣ ሳይቱም ተለክቶ ገጥሞ፣ ግማሽ ቤት ላይ ከግማሽ በላይ ገንዘብ ወጥቶ ይገኛል። ይሄን በኋላ ሰርተፊኬት በመመርመር አታድኑትም፣ መያዝ የነበረበት ብድሩ ሲፈቀድ ነው፣ የየክፍሉ ዋጋ ከሌሎች ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ሲነጻጸር። ጥርጣሬ የሚያስነሳው ምልክት ቤቱ ከመሬት ብቅ ሳይል የውሉ ሲሶ ተበልቶ መገኘቱ ነው። በእኛ ምሳሌ ከመሬት በታች ያለው ሥራ 4 ሚሊዮን ነው፣ ከ20ው አምስተኛ፣ ለዚህ ዓይነት ቤትና አፈር ደህና ነው የምለው።

ሁለተኛው ማንም ሳያጠፋ የሚመጣ ነው፣ ዋጋ። ቢኦኪው የተሠራበት ቀን ትልቅ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት ቢኦኪው ተፈራርመው ከዚያ በኋላ ፊኒሺንግ ላይ የደረሱ ቤቶች ምን እንደገጠማቸው ያየ ያውቀዋል። ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚገባው አሸዋ፣ ጠጠር፣ ድንጋይ፣ ብሎኬት ነው፣ እዚሁ የሚገኝ። አሉሚኒየሙ፣ ሴራሚኩ፣ ኬብሉ፣ የሳኒተሪ ዕቃው በብዛት ከውጭ የሚመጣ ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ሲሆን የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። የምንዛሪ ለውጥ በጣም የሚጎዳው ገና ያልተሠራውን ክፍል ነው እንግዲህ፣ ሰርተፊኬቱ ደግሞ ስለዚያ ክፍል ምንም አይልም።

ስለዚህ በየፌዙ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይሠራል። የቀረው ሥራ በየመስመሩ ይጻፍና አጠገቡ የዛሬ ዋጋ ይቀመጣል። ሁሉንም መጠየቅ አያስፈልግም፣ ትላልቆቹን ሦስት አራት ዕቃ ብቻ ከሁለት ቦታ ፕሮፎርማ መውሰድ ይበቃል። በእኛ ቤት የቀረው ሥራ በቢኦኪው ዋጋ 9.4 ሚሊዮን ነው። ፕሮፎርማ ሲመጣ ፊኒሺንጉ ከ4 ወደ 4.9 ሚሊዮን፣ በርና መስኮቱ ከ1.7 ወደ 2.2፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ከ630 ሺህ ወደ 830 ሺህ ሄደ እንበል። ባጠቃላይ 1.6 ሚሊዮን ጭማሪ።

ውሉ ዋጋ አይጨምርም ይላል፣ ታዲያ ጭማሪው የኮንትራክተሩ አይደለም ወይ? በወረቀት አዎ። ግን 1.6 ሚሊዮን የሚከስር ኮንትራክተር ሴራሚክ ላይ ሲደርስ ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም። ለአንድ ጂ+2 ቤት ፍርድ ቤት ተመላልሶ ማስገደድ የሚችለው ባለቤት ጥቂት ነው። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም የባለቤቱ ዕዳ ነው። በሁለቱም መንገድ ባንኩ ቀዳዳውን ዛሬ ማየት አለበት።

ቢኦኪው ላይ የሌለ ሥራ ቢመጣስ?

ባለቤቱ መሃል ላይ «የውሃ ታንከር ከመሬት በታች ይቆፈርልኝ» ካለ ያ ቫሪዬሽን ነው፣ ዋጋው ተስማምቶ ሳይሠራ በፊት በጽሑፍ መፈረም አለበት። ተሠርቶ ስለቆመ ብቻ ባንኩ አይከፍለውም፣ ብድሩ የተፈቀደው ለእሱ አይደለም፣ ከብድሩ ላይ ከተከፈለ የሚጎድለው ከጣሪያው ነው። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ከኪሱ እንዲከፍል ነው የሚደረገው።

ባለቤቱ ውጭ ሀገር ከሆነስ?

ዋሽንግተንም ዱባይም ሆነው በብድር ቤት የሚያሠሩ ብዙ ናችሁ፣ የምታዩት በቴሌግራም የሚላክ ፎቶ ነው። ፎቶ ብዛት አይናገርም። አንድ ሶሌታ ከሦስት ማዕዘን ተነስቶ ሦስት ሶሌታ ሲመስል አይቻለሁ። ከፎቶው ይልቅ ሰርተፊኬቱን ከነቴክኦፉ ላኩልኝ በሉ፣ ያለፈውን ጎን ለጎን አድርጉና ሦስቱን ዓምድ ራሳችሁ አስተያዩ፣ ለዚህ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ፎቶ ከጠየቃችሁም ሜትር ተይዞበት ይሁን፣ ደረጃው ጋ የሶሌታው ጠርዝ ላይ ሜትር የተያዘበት አንድ ፎቶ ከሰላሳ ፎቶ ይበልጣል። እና በየመስመሩ 50%፣ 70%፣ 95% እያለ ክብ ክብ ቁጥር ብቻ የያዘ ሰርተፊኬት ካያችሁ ማንም ሜትር ይዞ አልለካም ማለት ነው፣ የተለካ ሥራ 47.3 ምናምን ሆኖ ነው የሚመጣው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ኮንሰልታንቱ ሰርተፊኬቱን አርሞ ፈረመ፣ 2,210,000 ብሩ ተለቀቀ፣ ኮለኖቹም በሁለተኛው ሳምንት ተሞሉ። ከብድሩ የቀረው 8.99 ሚሊዮን ነው፣ የሚያስፈልገው በዛሬ ዋጋ 10.59 ሚሊዮን። ባንኩ ከ5ኛው ሰርተፊኬት በፊት ለባለቤቱ ሦስት ምርጫ ጻፈለት፣ 1.6 ሚሊዮኑን ለግንባታው ብቻ በሚንቀሳቀስ ዝግ አካውንት ያስገባ፣ ወይም የላይኛውን ፎቅ ፊኒሺንግ አስወጥቶ የሥራውን መጠን በጽሑፍ ይቀንስ፣ ወይም ለተጨማሪ ብድር አዲስ ግምት እንዲሠራ ያመልክት። ሁለተኛውን መረጠ፣ ምድርና አንደኛ ፎቅ ተጨርሰው እንዲከራዩ፣ የላይኛው ፎቅ ግንቡና ጣሪያው አልቆ ውስጡ እንዲቆይ፣ እና 5ኛው ሰርተፊኬት የመጣው በተሻሻለው ቢኦኪው ላይ ነው።